የመጽሐፍ ከቨር በትንሹ ታምኔል ላይም እንዲነበብ አድርጎ መሥራት

ከቨር ስንሠራ ኮምፒውተሩ ላይ ስክሪኑን ሞልቶ ነው የምናየው፣ ገዢው ግን ኦንላይን መደብር ውስጥ መጀመሪያ የሚያየው ታምኔል የምትባል የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ምስል ናት፣ እሷም ከሌሎች ብዙ ከቨሮች ጋር ተደርድራ። እሷ ላይ ርዕሱ ካልተነበበ ወይ ምስሉ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ሰውየው ጣቱን አንሸራቶ ያልፋል፣ ትልቁን ከቨር ጭራሽ አያየውም። ስለዚ እዚህ የምጽፈው ስለ ውበት ምናምን አይደለም፣ ከቨሩ ሲያንስ ምኑ እንደሚጠፋ ቀድሞ ማወቅና እሱን እያሰቡ መሥራት ላይ ነው። ምሳሌ እንዲሆነን አንድ የፈጠራ ርዕስ እንያዝ፦ «የሰባተኛው ፎቅ መብራት»፣ ትሪለር ልብ ወለድ ነው እንበል።

1. መጀመሪያ 16ን ያዙ

የአማዞን መጽሐፍ ማሳተሚያ የሆነው ኬዲፒ ለኢቡክ የሚመክረው የከቨር መጠን ወርዱ 1600 ፒክስል ቁመቱ 2560 ፒክስል ነው። በዚህ መጠን ከሠራችሁ ለሌሎችም መደብሮች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃችኋል። አሁን ይሄ ምስል ወርዱ 100 ፒክስል ወደሆነ ታምኔል ሲወርድ 1600 ለ100 ሲካፈል 16 ነው፣ ማለት ትልቁ ላይ በወርድ 16 በቁመት 16 የሆነ ካሬ ተጨፍልቆ ታምኔሉ ላይ አንድ ፒክስል ብቻ ይሆናል። ያ አንድ ፒክስል የሚይዘው ቀለም ደሞ በካሬው ውስጥ የነበሩት ቀለሞች ሁሉ አማካይ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በምሳሌ እንየው። ርዕሱን ጥቁር ሰማያዊ ላይ በቢጫ ጻፋችሁት፣ ፎንቱ ቀጭን ነው፣ የፊደሉ መስመር ውፍረት 10 ፒክስል። ትልቁ ላይ ቁልጭ ያለ ቢጫ ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። ሲያንስ ግን ያ መስመር አንድ ፒክስል እንኳን አይሞላም፣ መስመሩ ያረፈበት ፒክስል ከ16 እጅ 10 እጁ ቢጫ 6 እጁ ጥቁር ሰማያዊ ይሆንና ሲቀላቀል የደበዘዘ ጭቃ ነገር ይወጣል፣ ይሄ እንኳን ዕድለኛ ከሆናችሁ ነው፣ ምክንያቱም መስመሩ የሁለት ፒክስሎች ድንበር ላይ ካረፈ ቢጫው ለሁለት ይካፈልና እያንዳንዱ ፒክስል ከ16 እጅ 5 እጅ ብቻ ይደርሰዋል፣ ያኔ ፊደሉ ከባክግራውንዱ ጋር ሊቀላቀል ምንም አይቀረው። ብዙ ሰው «ቀለሙን አደመቅኩት ግን አሁንም አይታይም» የሚለው ለዚህ ነው፣ ችግሩ ውፍረቱ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ስለዚ ከቨራችሁ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር፣ የፊደል መስመር ይሁን የሰው ፊት ይሁን መስኮት፣ ወርዱን በፒክስል ለኩና ለ16 አካፍሉት። ከ1 በታች ከመጣ ታምኔሉ ላይ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይታያል። በ1 እና በ2 መሀል ያለው እንደየዕድሉ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላንሳ፣ የአሁን ስልኮች ስክሪን ፒክስሉ በጣም የተጠጋጋ ስለሆነ መደብሮቹ ለስልክ ብዙ ጊዜ ከ100 ከፍ ያለ ምስል ይልካሉ። ግን ብዙ አያጽናናም፣ ምስሉ ቢጠራም በስክሪኑ ላይ ያለው ስፋት ያው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል አካባቢ ነውና ዓይን ራሱ ቀጭኑን መስመር ይተወዋል። 100ን የክፉ ቀን መለኪያ አድርጋችሁ ያዙት፣ እሱን ያለፈ ከቨር ሌላውም ጋ አይቸገርም።

2. ርዕሱን በፊደል ቁጥር ለኩት

የኛ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። «ሱ» እና «ሲ»ን አስቡ፣ ልዩነታቸው ቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ መሀል ላይ መሆኗና ታች መሆኗ ብቻ ነው። «ተ» እና «ት»ም የሚለዩት በትንሽ ምልክት ነው። ያቺ ቅጥያ ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል ወይ ትርጉም ያጣል። ስለዚ እኔ ለርዕስ የምይዘው መነሻ ታምኔሉ ላይ የአንድ ፊደል ቁመት ከ14 ፒክስል እንዳያንስ ነው፣ ይሄ ትልቁ ፋይል ላይ 14 በ16 ሲባዛ 224 ፒክስል ማለት ነው። ከዚህ በታች ይነበባል የሚል ሰው ካለ ርዕሱን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው፣ የራሱን መጽሐፍ ርዕስ ሰው በ6 ፒክስልም ያነበዋል።

አሁን ወርዱን እንይ። ከግራም ከቀኝም 110 ፒክስል ገደማ ብትተዉ 1380 ፒክስል ይቀራችኋል። የፊደሎቻችን ወርድ እንደ ፊደሉ ይለያያል፣ ጠ እና መ ሰፊ ናቸው፣ ነ እና ገ ጠባብ፣ ግን በአማካይ ከቁመታቸው ጋር ይቀራረባል ብለን፣ 224ንም ወደ 230 ከፍ አድርገን ብንይዝ 1380 ለ230 ሲካፈል 6 ነው። በቃ፣ አንድ መስመር ላይ ከ6 ፊደል በላይ ካስገባችሁ ፊደሉ ማነስ ይጀምራል።

ወደ ምሳሌያችን እንሂድ። «የሰባተኛው» 6 ፊደል ነው፣ ልክ ይገባል። «የሰባተኛው ፎቅ» በአንድ መስመር ካላችሁ ግን ክፍተቱን ጨምሮ የ9 ፊደል ቦታ ይፈልጋል፣ 1380 ለ9 ወደ 153 ፒክስል፣ ታምኔሉ ላይ 10 እንኳን አይሞላም። ስለዚ ሦስት መስመር እናደርገዋለን፦ «የሰባተኛው»፣ ከሥሩ «ፎቅ»፣ ከሥሩ «መብራት»። «መብራት» 4 ፊደል ስለሆነች ወርዱን ሞልታ እስከ 345 ፒክስል ልታድግ ትችላለች፣ ታምኔሉ ላይ ከ21 ፒክስል በላይ ማለት ነው፣ ዋናዋም ቃል እሷ ስለሆነች ጥሩ ሆነልን። ሦስቱን ከነክፍተታቸው ብትደምሩ፣ 230 እና 230 እና 345፣ በመሀል ሁለት ክፍተት 60 60፣ 925 ፒክስል ይመጣል፣ ከከቨሩ ቁመት ከሲሶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለርዕስ?» ትሉ ይሆናል። አዎ። ትልቁ ላይ ትንሽ ጩኸት ይመስላል፣ ታምኔሉ ላይ ግን ልክ ይሆናል። «ፎቅ» 2 ፊደል ብቻ ስለሆነች ከጎኗ ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ እሱ ላይ የደራሲውን ስም ወይ «ልብ ወለድ» የሚል ነገር ለመወሸቅ እጃችሁን ይበላችኋል፣ አትንኩት፣ ርዕሱን ከሌላው ነገር ነጥሎ የሚያሳየው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ርዕሱ በጣም ረጅም ከሆነስ? ያኔ አንድ ወይ ሁለት ዋና ቃል ምረጡና እነሱን ብቻ በ14 ፒክስል ሕግ አስኪዱ፣ የቀረው ያንሳል፣ ቢጠፋም ግድ የለም። መደብሩ እኮ ከምስሉ ጎን ወይ ከሥሩ ሙሉ ርዕሱንና የደራሲውን ስም በጽሑፍ ያስቀምጣል። ንዑስ ርዕስን ታምኔል ላይ ለማስነበብ መታገል ከንቱ ድካም ነው፣ የደራሲውም ስም ቢሆን ሰው ስሙን አይቶ የሚገዛው ደራሲ ካልሆነ በቀር ሁለተኛ ነው።

3. ፎንቱ ወፍራም ይሁን፣ ግን ቀዳዳው እንዳይደፈን

ቀጭን ፎንት እንደሚጠፋ አየን፣ ስለዚ ሰው በቀጥታ ወደ በጣም ወፍራሙ ይሮጣል። እዚህ ጋ የኛ ፊደል ሌላ ወጥመድ አለው። የ«መ»ን ሁለት ክብ እዩት፣ የ«ው»ን፣ የ«ቅ»ን ክብ እዩት፣ ውስጣቸው ቀዳዳ አለ። ያ ቀዳዳ እንደ መስመሩ ሁሉ ለ16 ይካፈላል። መስመሩን ባወፈራችሁት ቁጥር ቀዳዳው ይጠባል፣ ከ16 ፒክስል በታች ከወረደ ታምኔሉ ላይ ይደፈንና መ ሁለት ድፍን እብጠት ሆና ትታያለች። ከሩቅ ሲያዩት ፊደል መሆኑ ይታወቃል፣ ምን ፊደል እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ስለዚ ፎንት ስትመርጡ ርዕሱን በእውነተኛው መጠኑ ጻፉትና ሁለት ነገር በፒክስል ለኩ፣ በጣም ቀጭኑን መስመርና በጣም ትንሹን ቀዳዳ። ሁለቱም ከ30 ፒክስል በላይ ከሆኑ ታምኔሉ ላይ ሁለት ሁለት ፒክስል አካባቢ ያገኛሉ፣ ያ ይበቃል። Noto Sans Ethiopic ጥሩ መነሻ ነው ምክንያቱም ከ Thin እስከ Black ብዙ ውፍረት አለው፣ እየቀያየራችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ለርዕስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጣው Bold ወይ ከሱ አንድ ከፍ ያለው ነው፣ Black ግን ቀዳዳ ላላቸው ፊደሎች ብዙ ጊዜ ይከብዳል። አንድ ውፍረት ብቻ ያላቸውን ፎንቶች፣ Nyala ወይ Abyssinica SIL የመሳሰሉትን፣ ፕሮግራሙ በራሱ «ቦልድ» እንዲያደርጋቸው አትጫኑ፣ መስመሩን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚያሳብጠው መጀመሪያ የሚደፈኑት ቀዳዳዎቹ ናቸው። የብራና ጽሕፈት የሚመስሉት ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያቀያይሩ ፎንቶችም ትልቁ ላይ ያምራሉ፣ ታምኔሉ ላይ ግን ቀጭኑ ግማሽ ይጠፋና ፊደሉ የተቆራረጠ ይመስላል።

ጥላ፣ ዙሪያውን የሚያበራ ግሎው፣ ቀጭን አውትላይን የመሳሰሉት ሲያንሱ ፊደሉን ያቆሽሹታል፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል ሦስት ቀለም ስለሚቀላቀልበት ነው። ፊደሉ ከፎቶው አልለይ ካለ ከፊደሉ ጀርባ ያለውን የፎቶ ክፍል በሰፊ ግራዲየንት አጨልሙት፣ ከጥላ የተሻለ ይሠራል።

4. አንድ ነገር ብቻ ይታይ

የምሳሌያችን የመጀመሪያ ዲዛይን እንዲህ ነው እንበል፦ የሌሊት ከተማ፣ ትልቅ ሕንፃ፣ ብዙ መስኮት፣ ከመስኮቶቹ አንዱ በርቷል፣ ውስጡ የቆመች ሴት ትታያለች። ትልቁ ላይ ሲታይ ቆንጆ ነው፣ ታሪኩንም ይነግራል። ግን የበራው መስኮት ወርዱ 60 ቁመቱ 90 ፒክስል ነው፣ ለ16 ሲካፈል 4 በ6 ገደማ። ሴትየዋ ደሞ ከዚያም የወርዱን ሲሶ ነው የያዘችው፣ አንድ ፒክስል ተኩል የማትሞላ ሴት ማለት ነው። የቀሩት ትንንሽ መስኮቶች ተደባልቀው ግራጫ ጫጫታ ይሆናሉ፣ ሰው የሚያየው ያን ጫጫታ ነው።

ስናስተካክለው ፎቶውን ወደ ሕንፃው እናስጠጋዋለን። የሕንፃው አንድ ጥግ ብቻ፣ ጨለማ መስኮቶች ሦስት አራት፣ የበራው መስኮት ወርዱ 400 ቁመቱ 560 ፒክስል እንዲሆን። አሁን ታምኔሉ ላይ 25 በ35 ነው፣ የሴትየዋ ጥላ ውስጡ ቆማ በግልጽ ትታያለች። ከተማው ጠፋ፣ አዎ፣ ከተማው ግን በፊትም ታምኔሉ ላይ አልነበረም። መስኮቱን ከላይ በቀኝ በኩል፣ ርዕሱን ከታች እናድርግ፣ ሁለቱ አይደራረቡ።

ርዕሱን ቢጫ ማድረግ የሚያምር ይመስላል፣ መስኮቱም ቢጫ ነዋ፣ ይዛመዳል። እኔ ነጭ ነው የማደርገው። ከቨሩ ላይ ያለው ቢጫ አንድ ብቻ ከሆነ ዓይን ሳያስበው እሱ ላይ ያርፋል፣ ርዕሱም ቢጫ ከሆነ ሁለቱ ይሻማሉ።

5. ቀለሙን አጥፍታችሁ እዩት

ከቨሩን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ርዕሱ አሁንም ከባክግራውንዱ ተለይቶ ከታየ ደህና ነው፣ ከጠፋ ሲያንስ እንደሚቸገር እወቁ። ትንሽ ምስል ላይ ዓይን ቅርጽን የሚለየው በቀለም ዓይነት ሳይሆን በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ነው። ለትሪለር ሁሉም የሚወደው ጥቀርሻ ጥቁር ላይ ደም ቀይ እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል፣ ጠቆር ያለ ቀይና ጥቁር በብርሃን በጣም ይቀራረባሉ። ቀይ ሰማያዊ ላይም ደካማ ነው። በቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ ኦንላይን ያሉ የኮንትራስት መለኪያዎች ላይ ሁለቱን ቀለም አስገቡ፣ ለድር ገጾች ተራ ጽሑፍ የተቀመጠው ዝቅተኛ 4.5 ለ1 ነው፣ ለከቨር ርዕስ 7 ለ1 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

6. በእውነተኛው መጠን ፈትኑት

ዲዛይን ፕሮግራሙ ውስጥ ዙም አውት አድርጎ ማየት ፈተና አይደለም። ፕሮግራሙ ፊደሉን በየዙሙ እንደገና ጥርት አድርጎ ይስለዋል፣ ስክሪናችሁም ጥሩ ከሆነ ይዋሻችኋል። ኤክስፖርት አድርጉት፣ ያን ፋይል ወርዱን 100 ፒክስል አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ከዛ 100 በመቶ ላይ ክፈቱት። ImageMagick የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄው፣ ሁለተኛው ጥቁርና ነጩን ይሠራል፦

```
magick cover.jpg -resize 100x small.png
magick cover.jpg -resize 100x -colorspace Gray gray.png
```

ከዛ ለብቻው አትዩት። መጽሐፋችሁ የሚገባበትን ምድብ መደብሩ ውስጥ ፈልጉ፣ የፍለጋውን ውጤት ስክሪንሾት አንሱ፣ የናንተን ትንሽ ምስል ከአንዱ ከቨር ላይ በልኩ ለጥፉት። አሁን ነው እውነቱ የሚታየው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ከሆኑ የናንተም ይሰምጣል፣ ያኔ የሰማዩን ቀለም መቀየር ከርዕሱ ጋር ከመታገል ይቀላል።

ስክሪንሾቱን አንዴ ነጭ ባክግራውንድ ላይ አንዴ ጥቁር ላይ አድርጋችሁ እዩ፣ ዳርክ ሞድ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው። የኛ ምሳሌ ጨለማ ስለሆነ ዳርክ ሞድ ላይ ጠርዙ ይጠፋል፣ ስለዚ ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ሰማይ ትንሽ ማንጣት ያስፈልጋል። ነጭ ከቨር የሠራ ሰው ደሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፣ ኬዲፒ ለዚህ ከ3 እስከ 4 ፒክስል የሆነ ግራጫ ክፈፍ አድርጉ ይላል። ለምርት ገጹ ትልቅ ምስል ጥሩ ነው፣ ግን 4ን ለ16 አካፍሉት፣ ሩብ ፒክስል ነው፣ ትንሹ ታምኔል ላይ ጭራሽ ሊታይ አይችልም። ነጩን ራሱን ወደ ክሬም ወይ ፈዛዛ ግራጫ ማውረድ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ርዕሱን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ስክሪንሾቱን በስልክ ለሁለት ሰከንድ አሳዩትና መልሳችሁ ውሰዱት። «ያምራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ያምራል ነው የሚላችሁ። «ርዕሱ ምን ይላል? ምን ምስል አየህ?» በሉት። «መብራት... ምናምን፣ የሆነ መስኮት ላይ ሰው ቆሟል» ካለ አልፋችኋል። «ሕንፃ ነገር» ብቻ ካለ ወደ 4ኛው ተመለሱ፣ ምስሉን አይቶ ርዕሱን ከሳተ ወደ 2ኛው፣ ፊደል አሳስቶ ካነበበ ደሞ ችግሩ ፎንቱ ጋ ነው፣ 3ኛው።

7. ስትጭኑት

ጄፔግ አድርጋችሁ በአርጂቢ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ኳሊቲውን ከፍ አድርጉት። መደብሩ ታምኔሉን ሲሠራ ምስሉን እንደገና ይጨምቀዋል፣ እናንተም ቀድማችሁ በጣም ከጨመቃችሁት የፊደሉ ጠርዝ ሁለቴ ይበላሻል። በተለይ ደማቅ ቀይ ላይ ይታወቃል፣ ጄፔግ የቀለም ዝርዝርን ከብርሃን ዝርዝር በላይ ስለሚቀንስ ቀይ ፊደል ዙሪያው ይቀባባል፣ ነጭ ላይ ይሄ ያን ያህል የለም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የምርት ገጹን ሳይሆን የፍለጋውን ዝርዝር ከፍታችሁ በስልክም በኮምፒውተርም እዩት፣ ከሞከራችሁት ስክሪንሾት የደበዘዘ ከመሰላችሁ መጀመሪያ የጫናችሁትን ፋይል መጠን ቼክ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ ሰው ለሶሻል ሚዲያ ያዘጋጀውን ትንሹን ፋይል ነው በስህተት የጫነው።